ሁሉም ሥራ አስቸኳይ ሲመስል፦ ለጀማሪ የሂሳብ ሠራተኛ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በአንድ አስመጪ ድርጅት በጀማሪ ሂሳብ ሠራተኝነት ከተቀጠርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ጠዋት 2፡30 ገብቼ ማታ 12 ሰዓት እስክወጣ ፋታ የለኝም፤ ያም ሆኖ ያለፈው ወር የባንክ ሪኮንሲሌሽን፣ መዝገባችንን ከባንክ መግለጫ ጋር የማስታረቁ ሥራ፣ እስካሁን አላለቀም። ሥራዬን አስቸኳይና አስፈላጊ እያልኩ በአራት ሳጥን ለመክፈል ሞከርኩ፤ ሁሉም አንደኛው፣ አስቸኳይም አስፈላጊም የሚባለው ሳጥን ውስጥ ገባ። ‹ለሌላ ሰው ስጪ› የሚለውም አልሆነልኝም፤ ከእኔ በታች ማንም የለም። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

ሁሉም ሥራ አንደኛው ሳጥን ውስጥ የገባው ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ ስለጠየቅሻቸው ነው። አንድ ሥራ ፊትሽ ሲቀርብ «ይሄ አስቸኳይና አስፈላጊ ነው?» ካልሽ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ይሆናል፤ የጠየቀሽ ሰው አጠገብሽ ቆሟልና። ሁለቱ ለየብቻ መጠየቅ አለባቸው፤ መልሳቸውም ለየብቻ መጻፍ አለበት።

ሳጥኖቹ ለማን እንደተሠሩም ማወቅ ይጠቅምሻል። አስቸኳዩን ከአስፈላጊው የመለየት ሐሳብ መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር በ1954 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኢቫንስተን ከተማ ለዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ያደረጉት ንግግር ነው። እሳቸውም ቢሆኑ የአንድ የቀድሞ የኮሌጅ ኃላፊን አባባል ጠቅሰው እንጂ የራሳቸው አድርገው አልተናገሩትም። ሳጥኖቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ የተለመዱትም የሚያዙት ሠራተኛ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ነው። «ለሌላ ስጥ» የሚለው ሳጥን ላንቺ ባዶ መሆኑ የሚጠበቅ ነው፤ ስለዚህ ተዪው። አንቺ የምትለዋወጪው ነገር ሰው ሳይሆን ሰዓት ነው። ሥራውን ለሌላ ማስተላለፍ ባትችዪም፣ በስንት ሰዓት እንደምትሠሪው መደራደር ግን ትችያለሽ፤ ከሚመስልሽም በላይ ትችያለሽ።

አስቸኳይነትን በዚህ ጥያቄ ለዪው፦ ይህ ሥራ እስከ ስንት ሰዓት ካልተሠራ ነው ጉዳት የሚመጣው? መልሱ ሰዓት ወይም ቀን መሆን አለበት። «አሁኑኑ»፣ «ቶሎ»፣ «ዛሬውኑ ብታደርሺልኝ» ሰዓት አይደሉም፤ የጠያቂውን ስሜት ነው የሚነግሩሽ። ስልኩ ደጋግሞ መጮኹ፣ ቴሌግራም ላይ ሦስት የቃለ አጋኖ ምልክት መደርደሩ፣ ሰውየው ጠረጴዛሽ አጠገብ መቆሙም እንዲሁ ናቸው። አስቸኳይ ከሚመስሉሽ ሥራዎች ብዙዎቹ ሰዓታቸውን ስትጠይቂ «ኧረ እስከ ከሰዓት ችግር የለውም» የሚል መልስ ያመጣሉ። ሳትጠይቂ ግን ይህን ማንም አይነግርሽም።

አስፈላጊነትን ደግሞ በዚህ፦ ይህ ሥራ ጭራሽ ባይሠራ ከአንድ ወር በኋላ ምን ይበላሻል፣ ለማስተካከልስ ስንት ይፈጃል? እዚህ ላይ ሪኮንሲሌሽንሽን ምሳሌ ላድርገው፤ በዝምታ ከሚከማቹ ሥራዎች እንደሱ ያለ የለምና። አንድ የ48,600 ብር ቼክ መዝገብ ላይ 46,800 ተብሎ ገባ እንበል። ልዩነቱ 1,800 ብር ነው። ልዩነት ለ9 ያለ ቀሪ ሲካፈል የሂሳብ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሁለት አሃዞች ቦታ መለዋወጣቸውን ነው፤ 1,800 ለ9 ሲካፈል 200 ስለሚሰጥ ፍለጋሽን የት እንደምትጀምሪ ታውቂያለሽ። በወሩ ውስጥ ከሆነ ቫውቸሩ ገና በእጅሽ ነው፣ ቼኩን የጻፈው ሰውም ያስታውሳል፤ ደቂቃዎች ይበቁሻል። ሦስት ወር ካለፈው ግን ያ 1,800 ብር ብቻውን አይገኝም። ያልተመዘገበ የባንክ አገልግሎት ክፍያ፣ ባንክ ያልደረሰ ቼክ፣ ሁለት ጊዜ የገባ ደረሰኝ ይደባለቁበትና ልዩነቱ አንዳች ፍንጭ የማይሰጥ የተዘበራረቀ ቁጥር ይሆናል። ለ9 ማካፈልም አይረዳሽም። የአንድ ጠዋት ሥራ የነበረው የሳምንት ሥራ ይሆናል፤ ያውም ኦዲተሩ በር ላይ ቆሞ።

ዛሬ «አስቸኳይም አስፈላጊም» ብለሽ የምትሯሯጪላቸው ብዙዎቹ ሥራዎች ትናንት አስፈላጊ ሆነው ሳሉ ያልቸኮሉ ነበሩ። አንደኛው ሳጥንሽ የሚሞላው ሁለተኛውን፣ አስፈላጊ ሆኖ የማይቸኩለውን፣ ስለማትነኪው ነው። ስለዚህ ቀንሽን የምታስተካክዪው አስቸኳዩን በፍጥነት በመጨረስ አይደለም። ፈጥነሽ በጨረስሽ ቁጥር «እሷ ቶሎ ታደርሳለች» ይባልና ሌላ ይጨመርልሻል።

ይህ የስንፍና ወይም የደካማነት ጉዳይ እንዳይመስልሽ። በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዡ፣ ያንግ እና ሺ የተባሉ ተመራማሪዎች በሸማቾች ባህርይ ላይ በሚያተኩር የምርምር መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች የተሻለ ክፍያ ያለውን ሥራ ትተው ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ የሚመስለውን፣ ክፍያው ግን ያነሰውን ሥራ እንደሚመርጡ አሳይተዋል። ላንቺ ጠቃሚ የሚሆኑት ግን ሌሎቹ ሁለት ግኝቶች ናቸው። ዝንባሌው «ሥራ በዝቶብኛል» ብለው በሚያስቡ ሰዎች ላይ ይበረታል፤ የእያንዳንዱ ሥራ ውጤት በምርጫው ሰዓት ፊታቸው ሲቀመጥላቸው ግን ይቀንሳል። በተግባር ሲታይ ይህ ማለት ዝርዝርሽ ላይ ከሥራው ስም ጎን ሁለት ነገር ጻፊ ማለት ነው፦ ጉዳቱ የሚጀምርበትን ሰዓትና ባይሠራ የሚበላሸውን ነገር። የሥራ ስም ብቻ ያለበት ዝርዝር ምንም አይለይልሽም።

አንድ ቀን ወስደን እንሥራው። ወሩ በገባ በ22ኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት 2፡30 ላይ ስምንት ሥራ አለሽ እንበል። ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣላችሁ የትራንዚተሩ ክፍያ መዘጋጀትና መፈረም አለበት፤ ዕቃው ደረቅ ወደብ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ የሽያጭ ሪፖርት «አሁን» ብለው ጽፈዋል። ሹፌሮች የነዳጅ ፔቲ ካሽ ይጠብቃሉ። ፔሮል በ25 ባንክ መግባት አለበት፤ የሰው ኃይል ክፍሉ ግን የሠራተኞችን የመገኘት ቅጽ ገና አልላከም። ሪኮንሲሌሽኑ አለ። ሁለት አቅራቢዎች የዊዝሆልዲንግ፣ ማለትም ከክፍያቸው ተቀንሶ የተያዘውን ግብር፣ ደረሰኝ ይፈልጋሉ። ከማርኬቲንግ ክፍል አንድ ባልደረባሽ ውል ስካን አድርጊልኝ ብሎሻል። የትናንት ቫውቸሮች አልተፋይሉም።

ትራንዚተሩን እንይ። ባይሠራ ምን ይበላሻል? የነጻ ጊዜው ካለፈ መጋዘኑ በየቀኑ ኪራይ ይቆጥራል፤ ጉዳቱ በብር የሚለካ ነው፤ አስፈላጊ ነው። እስከ ስንት ሰዓት? ብዙ ጀማሪ እዚህ ይሳሳታል፤ የባንኩን መዝጊያ ሰዓት ይጽፋል። ፈራሚው ሥራ አስኪያጅ ግን 5 ሰዓት ላይ ወደ ስብሰባ ይወጣሉ። እውነተኛው የጊዜ ገደብ የመጨረሻው ጣቢያ ሳይሆን ካንቺ ቀጥሎ ያለው ሰው ከወንበሩ የሚነሳበት ሰዓት ነው። ስለዚህ 5 ሰዓት ነው፤ ለጥንቃቄ 4 ሰዓት። ሥራው 45 ደቂቃ ይወስዳል።

ፔሮሉ በሌላ በኩል ይከብዳል። ዛሬ 22 ስለሆነ ሥራው አይቸኩልም። የመጀመሪያው እርምጃ ግን ይቸኩላል፤ የመገኘት ቅጹ ዛሬ ካልተጠየቀ ነገ ከሰዓት አይደርስሽም፣ በ24 ደግሞ ማምሸትሽ ነው። ለሰው ኃይል ክፍል የምትደውዪው የ5 ደቂቃ ስልክ አስቸኳይ ነው፤ ፔሮሉ አይደለም። ትልቅ ሥራ ሲያስጨንቅሽ ሥራውን በሙሉ ዝርዝር ላይ አትጻፊ፤ ዛሬ ከሌላ ሰው የምትፈልጊውን ብቻ ለይተሽ ጻፊ።

የሽያጭ ሪፖርቱ «አሁን» የተባለው ሲጠየቅ ለከሰዓት 9 ሰዓት ስብሰባ ሆኖ ይገኛል፤ 1 ሰዓት ይፈጃል። የሹፌሮቹ ገንዘብ ትንሽ ሥራ ነው፣ ሰው ግን መንገድ ላይ ያስቀራል፤ ይቸኩላል። ችግሩ በቀን አምስት ጊዜ መምጣቱ ነው። ከስምሪት ኃላፊው ጋር ተስማምታችሁ በቀን ሁለቴ፣ 2፡30 እና 7፡30 ላይ ብቻ ብታደርጉት በ20 ደቂቃ ያልቃል። የዊዝሆልዲንጉ ደረሰኝ 20 ደቂቃ ነው፤ ከሰዓት ይቆያል። ስካኑ 30 ደቂቃ ነው፤ ለባልደረባሽ አስፈላጊ ነው፣ ያንቺ ሥራ ግን አይደለም፣ ሰዓቱም የእሱ ነው። ቫውቸሩ 40 ደቂቃ ይፈልጋል፤ በየቀኑ ካልተፋየለ ሪኮንሲሌሽኑን ስለሚያዘገይ ከሚመስለው በላይ ያስፈልጋል። ለሪኮንሲሌሽኑ ዛሬ አንድ ሰዓት ተኩል እንስጠው።

ደምሪው፤ 5 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው። የቢሮ ቀንሽ ከምሳ ውጪ 8 ሰዓት ነው። ሥራው ይገባል። እስከ 12 ሰዓት የሚያቆይሽ ብዛቱ ሳይሆን መቆራረጡ ነው። የ45 ደቂቃ ሥራ በመካከሉ አራት ጊዜ ከተነሳሽበት በ45 ደቂቃ አያልቅም፤ በተመለስሽ ቁጥር የት ላይ እንደነበርሽ ትፈልጊያለሽ፣ አንድ መስመር ትዘያለሽ፣ ከዚያ የዘለልሽውን ፍለጋ ሌላ ሰዓት ይሄዳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው በተለይ ለቁጥር ሥራ የተባለ ይመስለኛል።

እንግዲህ ቀኑ እንዲህ ይደረደራል። 2፡30 ላይ ሹፌሮቹን ሸኚ። 2፡40 ለሰው ኃይል ክፍል ደውዪ። 2፡45 የትራንዚተሩን ክፍያ ጀምረሽ 3፡30 ላይ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ይዘሽ ግቢ፤ በዚያው ፊርማ እየጠበቅሽ የሪፖርቱን ሰዓት ጠይቂ። ከ3፡30 እስከ 5፡00 ሪኮንሲሌሽን፤ በዚህ መሃል ሌላ ነገር የለም። ከ5፡00 እስከ 6፡00 የሽያጭ ሪፖርት፤ ስህተት ቢገኝበት ለማረም ከሰዓቱ ቀድሞ ደርሷል። ከምሳ በኋላ የቀረው ሁሉ፣ ስልክና ደረሰኝ ጨምሮ። 10፡45 ላይ ቫውቸሮቹን ፋይል አድርጊና 11፡30 ላይ ውጪ።

አስፈላጊውን ሥራ ጠዋት ገና እንደገባሽ ሥሪ የሚል ምክር ሰምተሽ ይሆናል። ላንቺ ቦታ አልስማማበትም። የኛ ቢሮ የመጀመሪያ ሰዓት የሰው ነው፤ ሹፌሩ ቆሟል፣ ፈራሚው ገና አልወጣም፣ ትናንት ያልተመለሰ ስልክ ይደወላል። በዚያ ሰዓት ሪኮንሲሌሽን ከፍተሽ ብትቀመጪ ሦስት መስመር አትሄጂም፣ ሰውም ታስቀይሚያለሽ። መጀመሪያ ሌሎችን የሚያስቆመውን ነገር ፍቺላቸው፤ ሰው ሥራውን ይዞ ሲሄድ ፀጥታው ላንቺ ይቀራል።

ይህ ሁሉ የሚቆመው በምትናገሪው ነገር ላይ ነው። ሥራ ለሚሰጥሽ ሰው «አልችልም» ማለት አይጠበቅብሽም፤ «እሺ፣ እስከ ስንት ሰዓት ላድርስልዎት?» በዪ። ሰዓት ከነገሩሽ ጻፊው፤ «አሁን» ካሉሽ ደግሞ «አሁን የትራንዚተሩን ክፍያ ይዣለሁ፣ 3፡30 ላይ ያልቃል፤ እሱን ላቁመው ወይስ 3፡30 ላይ ልጀምረው?» በዪ። ይህ እምቢታ አይደለም፤ ምርጫውን ለባለቤቱ መመለስ ነው። ሁለት አለቆች በአንድ ሰዓት ሁለት ሥራ ካዘዙሽ አንቺ አትፍረጂ። ከሁለቱ ማን እንደሚቀድም መወሰን የጀማሪ ሥልጣን አይደለም፤ በሆድሽ ወስነሽ ያስቀየምሽው ሰው አይረሳልሽም። ዝርዝሩን ይዘሽ ለቅርብ አለቃሽ አሳዪና እሳቸው ይወስኑ።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ። ከ3፡30 እስከ 5፡00 ያለውን ሰዓት ሳታስፈቅጂ አትያዢ። ስልክ ዘግተሽ ብትጠፊ በሁለተኛው ቀን «ሥራ ትሸሻለች» ይባላል። ለቅርብ አለቃሽ እንዲህ በዪያቸው፦ «ያለፈው ወር ሪኮንሲሌሽን ወደ ኋላ ቀርቷል፤ በቀን ከ3፡30 እስከ 5 ሰዓት ብቻ ሳልቋረጥ ብሠራው በሁለት ሳምንት አስተካክለዋለሁ። በዚህ ሰዓት የሚመጣውን ሁሉ 5 ሰዓት ላይ እመልሳለሁ፤ እርስዎ ከጠሩኝ ግን እነሳለሁ።» የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አትተዪያት፤ ፈቃዱን የምታስገኝልሽ እሷ ናት። መነሳት ግድ ሲሆንም ከመነሳትሽ በፊት ያቆምሽበትን በወረቀት ጻፊ፤ «የባንክ መግለጫ ገጽ 4፣ እስከ 17ኛው መስመር ታይቷል፣ የ1,800 ልዩነት አልተገኘም» ብለሽ። ስትመለሺ ከዚያው ትቀጥያለሽ።

ሌላው የወር መጨረሻ ነው። የደመወዝ ግብርና ዊዝሆልዲንግ ወሩ ካለቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ተገልጾ ይከፈላል፤ ካለፈ ቅጣትና ወለድ አለው። ጊዜው ሰፊ ስለሚመስል ሥራው እስከ መጨረሻው ሳምንት ይተኛል፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት ደግሞ ሁሉም ግብር ከፋይ አንድ ጊዜ ስለሚገባ ሲስተሙ ይጨናነቃል። የራስሽን የጊዜ ገደብ 20 ላይ አድርጊና ደብተርሽ ላይ ያንን ብቻ ጻፊ።

የዚህ አሠራር ወሰንም ይታወቅ። ሥራን መለየት የሚረዳው ሥራው በቀኑ ውስጥ የሚገባ ሲሆን ነው። በእያንዳንዱ ሥራ ጎን የሚፈጀውን ደቂቃ ለሁለት ሳምንት መዝግቢና ደምሪ። ድምሩ በአብዛኛው ቀን ከ6 ሰዓት በታች ከሆነ ችግርሽ አደራደሩ ነው፤ ከላይ ያለው ይበቃሻል። ቀሪው 2 ሰዓት ለስልክ፣ ለድንገተኛ ጥሪና ለደረሰኝ ፍለጋ ነው፤ አልተባከነም። ድምሩ በተከታታይ ከ8 ሰዓት ካለፈ ግን ምንም ያህል ብትለዪው አይገባም። ያኔ ችግሩ ያንቺ አይደለም፤ የአንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለ የሁለት ሰው ሥራ እየተሠራ ነው። በ6 እና በ8 መካከል ከሆነ መጀመሪያ ያንቺ ያልሆኑትን፣ እንደ ስካኑ ያሉትን ለባለቤቶቻቸው መልሺና እንደገና ደምሪ።

ምክሬ ይህ ነው፤ አራቱን ሳጥን ተዪና ነገ ጠዋት አለቃሽን ያን የአንድ ሰዓት ተኩል ፈቃድ ጠይቂ። ለሁለት ሳምንት ሌላ ምንም አትቀይሪ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ልለውጥ ካልሽ የትኛው እንደሠራ አታውቂም። መሥራቱን የምታውቂው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሪኮንሲሌሽኑ ላይ ያልታረቁት መስመሮች በየቀኑ ሲቀንሱ ይታያል። ሁለተኛ፣ ሰዓትሽ ስንቴ እንደተሰበረና ማን እንደሰበረው ጻፊ፤ አንድ ሰው ብቻ ተደጋግሞ ከወጣ ችግሩ የሥራ ብዛት ሳይሆን ከዚያ ሰው ጋር ያልተነጋገራችሁበት ጉዳይ ነው፤ ሄደሽ ሰዓት ተስማሚ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የደቂቃ መዝገቡንና የታረቀውን የባንክ ሂሳብ አንድ ላይ ይዘሽ አለቃሽ ዘንድ ግቢ። ሥራ ይቀነስልኝ ወይም ሰው ይጨመር የምትዪው ያኔ ነው፤ የታረቀው ሂሳብ በእጅሽ ሳይኖር መዝገቡን ብቻ ይዘሽ አትግቢ።